ቤት ለማየት ከመነሣታችን በፊት

በቅርቡ አንዲት እኅታችን በቤት ኪራይ ምክንያት የደረሰባትን ድካም ጽፋ ልካልናለች። እኅታችን በአዲስ አበባ ትኖር የነበረች አዋላጅ ነርስ ናት። ሥራዋ ወደ ደብረ ማርቆስ በተዛወረ ጊዜ፥ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ ከመሄዷ በፊት ቤት መፈለግ ነበረባትና፥ በደላላ አማካይነት አንድ ቤት በስልክ አገኘች። «ውኃና መብራት አለው ወይ?» ብላ ጠየቀች፤ ደላላውም «አለው» ብሎ መለሰላት። ከዚህ በኋላ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተጉዛ፥ የዓባይን በረሃ ወርዳና ወጥታ፥ በማግሥቱ ቤቱን አየች። ቧንቧው በግቢው ውስጥ ቆሟል፤ አምፖሉም ከጣራው ሥር ተሰቅሏል። ነገር ግን ቧንቧው ቢከፈት ጠብታ አልነበረውም፤ ውኃውም በየሦስት ቀን በሌሊት እንደሚመጣ፥ መብራቱም ምጣድ እንደማይችል የነገሯት በግቢው የሚኖሩት ተከራዮች ናቸው። የመንገዱንና የአዳሩን ወጪ ከስራ ተመለሰች።

እኛ ግን ደላላውን ዋሸ ልንለው አንችልም። የተጠየቀው ውኃና መብራት መኖሩን ነውና፥ መኖሩን ተናገረ። የሳተው ጥያቄው ነው። እኅታችንም ይህን ስለ ተረዳች፥ በሁለተኛው ጊዜ ወደ መኪና ከመውጣቷ በፊት ከባለቤቲቱ ጋር ራሷ በስልክ ተነጋገረች። ጥያቄዎቿ ለብዙ ቤተ ሰብ የሚጠቅሙ ሆነው ስላገኘናቸው፥ ከምክንያታቸው ጋር እንደሚከተለው አቅርበናቸዋል።

ስለ ውኃ

ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው ስለ ውኃ ነው። ዳሩ ግን «ውኃ አለ ወይ» አላለችም። ንግግራቸው እንዲህ ነበር።

«እሜቴ፥ ባለፈው ሳምንት ውኃ የመጣው በምን በምን ቀን ነው?»

«ልጄ፥ ሰኞ መጥቷል፤ ከዚያም ሐሙስ መጣ።»

«በስንት ሰዓት መጥቶ በስንት ሰዓት ሄደ?»

«በ8 ሰዓት ይመጣና እስከ 12 ሰዓት ይቆያል።»

«የቀን 8 ሰዓት ነው ወይስ የሌሊት?»

«የሌሊት ነው እንጂ! ቀን መቼ አይተነው እናውቃለን።»

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በዚህ ንግግር ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፥ ስለ ባለፈው ሳምንት የተጠየቀ ሰው ያየውን ይናገራል፤ በጠቅላላው የተጠየቀ ሰው ግን የሚመኘውን ይናገራል። «ውኃ በደንብ ይመጣል» የሚለው ቃል መጠን የለውም፤ «ሰኞና ሐሙስ» የሚለው ግን መጠን አለው። ሁለተኛ፥ ቀንና ሌሊት ካልተለየ 8 ሰዓት ማለት ምንም ማለት አይደለም። ውኃው በሌሊት የሚመጣ ከሆነ ነቅቶ የሚቀዳ ሰው ያስፈልጋል። የሌሊት ተረኛ ለሆነች አዋላጅ፥ ማን ቧንቧውን ይከፍታል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ስለዚህም «ሮቶ አለ ወይ? ካለስ ውኃው ሲመጣ በራሱ ይሞላል ወይስ ሰው ይከፍትለታል?» ብላ ጨመረች። ሮቶው 1,000 ሊትር እንደሚይዝ፥ በራሱም እንደሚሞላ፥ ነገር ግን ለባለቤቲቱ ቤት ብቻ እንደሆነ ተነገራት። ተከራዮቹ የሚቀዱት ከግቢው ቧንቧ ነው፤ ተከራዮቹም ከእርሷ ጋር ሦስት ቤተ ሰብ ይሆናሉ።

ከዚህ በኋላ የጠየቀችው ጥያቄ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ «ውኃው ሲመጣ አንድ ጀሪካን በስንት ደቂቃ ይሞላል?» አለች። ባለቤቲቱም ጥቂት አሰቡና «አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ በበጋ ግን ይቀጥናል» አሉ። እኅታችን ስልኩን ዘግታ ሒሳቡን ሠራች፤ እኛም ከእርሷ ጋር እንሥራው።

አራት ሰው ያለበት ቤት በቁጠባ ቢኖር፥ ለመጠጥ፥ ለወጥ፥ ለዕቃ ማጠቢያና ለገላ በቀን አምስት ጀሪካን፥ ማለት 100 ሊትር ያህል ይፈጃል። ውኃው በየሦስት ቀን የሚመጣ ከሆነ፥ በአንድ ተራ 15 ጀሪካን መቅዳት አለባት። ሦስቱ ቤተ ሰቦች እኩል ቢቀዱ 45 ጀሪካን ይሆናል። አንዱ ጀሪካን በአራት ደቂቃ ከሞላ፥ 45ቱ በ180 ደቂቃ፥ ማለት በሦስት ሰዓት ይሞላሉ። ውኃው አራት ሰዓት ይቆያልና ይበቃል፤ አንድ ሰዓትም ይተርፋል። ውኃው ቀጥኖ አንዱ ጀሪካን በስምንት ደቂቃ የሚሞላ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። በአራት ሰዓት ውስጥ የሚሞላው 30 ጀሪካን ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤትም ዐሥር ይደርሰዋል። ዐሥር ጀሪካን ለሁለት ቀን ነውና፥ ከሦስቱ ቀን አንዱ ባዶ ይቀራል ማለት ነው። እንግዲህ በአራት ደቂቃና በስምንት ደቂቃ መካከል ያለው ልዩነት፥ ልብስ በቤት በማጠብና ውኃ ከጋሪ በመግዛት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ውኃው በበጋ የሚቀጥንበትንም ምክንያት ማወቅ ይጠቅማል። የከተማ ውኃ ብዙውን ጊዜ ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ በሞተር ተስቦ ወደ ከፍተኛ ቦታ ማጠራቀሚያ ይወጣል፤ ከዚያም በራሱ ክብደት ወደ ሠፈሮች ይወርዳል። ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይበቃምና፥ የመሥመሩ መዝጊያ እየተከፈተና እየተዘጋ በፈረቃ ይታደላል። በዝቅተኛ ቦታ ያለ ቤት ቀድሞና በኃይል ያገኛል፤ በጉብታ ላይ ያለ ቤት ግን የታችኞቹ ቧንቧዎች ሲዘጉ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ «ቤቱ ከጎረቤቶቹ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው ወይስ ዝቅ ያለ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሞተሩም የሚሠራው በመብራት ነውና፥ መብራት አንድ ቀን ሙሉ የጠፋ እንደሆነ የውኃው ተራ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህም አስተዋይ የቤት እመቤት ለአንድ ተራ ብቻ አታጠራቅምም፤ አንድ ተራ ቢያልፍ የሚያደርስ ለስድስት ቀን የሚሆን 600 ሊትር የሚይዝ በርሜል ወይም ሮቶ ማስቀመጫ ቦታ መኖሩን ትጠይቃለች። 600 ሊትር ውኃ 600 ኪሎ ይመዝናልና፥ ቦታው የተደለደለ መሬት ወይም ሲሚንቶ እንጂ የእንጨት ቆጥ መሆን የለበትም።

ደግሞ የሚጠየቅበትን ወር አንርሳ። በጥቅምት ቤት የሚፈልግ ሰው፥ ክረምቱ ገና ማለፉ ነውና ምንጩም ጉድጓዱም ሞልቶ ያገኘዋል፤ የሚሰጠውም መልስ ያማረ ይሆናል። ስለዚህ «ባለፈው ሚያዝያ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እኅታችን ይህን በጠየቀች ጊዜ፥ ባለቤቲቱ በሚያዝያ አንድ ሳምንት ሙሉ የጠፋበት ጊዜ እንደ ነበረ አልደበቁም።

ስለ መብራት

ስለ መብራት በጠየቀች ጊዜም እንዲሁ ከባለፈው ሳምንት ጀመረች። መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ? ሲጠፋስ ጎረቤትም ይጠፋል ወይስ ይህ ግቢ ብቻ? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ያስረዳል። ሠፈሩ በሙሉ የሚጠፋ ከሆነ፥ ምክንያቱ በመሥመሩ ወይም በትራንስፎርመሩ ነው፤ በደጋ አገር በክረምት መብረቅና ነፋስ ሲበረታ የተለመደ ነው፤ ቤት በመለወጥም አይድንም። ጎረቤት እየበራ ግቢው ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን፥ ሕመሙ በግቢው ውስጥ ነው። ወይ ሽቦው ቀጥኗል፥ ወይ ባልቦላው ይወድቃል፥ ወይ የካርድ ቆጣሪው ሒሳብ አልቆ የሚሞላው ሰው አልተገኘም። ይህ የመጨረሻው መጥፋት ሳይሆን አለመግባባት ነውና፥ ካርዱ በማን እጅ እንዳለና ገንዘቡን ማን እንደሚያዋጣ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። በአገራችን የመብራት ዋጋ፥ በወሩ የተወሰደው ኃይል በበዛ ቁጥር የአንዱ መለኪያ ዋጋም ከፍ እያለ እንዲሄድ ሆኖ የተደነገገ ነው። ሦስት ቤተ ሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ድምሩ ይበዛልና፥ ጥቂት የምታበራውም ቤት በውዱ ዋጋ ትከፍላለች። ስለዚህ የግል ቆጣሪ ባይኖር እንኳ፥ የየቤቱን ፍጆታ የሚለይ ትንሽ መለኪያ በግቢው ውስጥ መኖሩን መጠየቅ ነውር የለውም።

ለቤት እመቤት ግን ዋናው ጥያቄ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። መብራቱ 220 ቮልት ሲሆን ይህ ከ16 እስከ 18 አምፔር ይሆናል። የቤቱ ባልቦላ የ10 አምፔር ከሆነ ምጣዱን አይችልም፤ ይወድቃል። ባልቦላውን በትልቅ ለውጦ ቀጭኑን ሽቦ እንዳለ መተው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሽቦው በግድግዳው ውስጥ ይግላልና እሳት ያመጣል። ስለዚህ «ምጣድ ይፈቀዳል ወይ? ሌሎቹ ተከራዮችስ በምን ቀን ይጋግራሉ?» ተብሎ ይጠየቅ። ሦስት ቤት በቅዳሜ ጧት በአንድ ሽቦ ላይ ሦስት ምጣድ ቢሰካ፥ የሁሉም ሊጥ ይቀራል፤ ቀን ተከፋፍለው ቢጋግሩ ግን ያው ሽቦ ለሁሉም ይበቃል።

መብራት ሳይጠፋም ሊደክም ይችላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ሰው ሁሉ ወጥ በሚሠራበት ጊዜ፥ 220 መሆን የሚገባው 170 ቮልት ድረስ ቢወርድ፥ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ከመቶ ስድሳ እጅ ብቻ ይሆናል፤ የሙቀቱ መቀነስ ከቮልቱ መቀነስ ይበልጣልና። እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል፤ ጋጋሪዋም ሊጡን ትወቅሳለች፤ ጥፋቱ ግን የሊጡ አይደለም። ይህን በስልክ ለማወቅ «ማታ ማታ ምጣድ ይግላል ወይስ ሌሊት ትጋግራላችሁ?» ማለት ይበቃል። በግቢው ያሉት ሴቶች ሌሊት ተነሥተው የሚጋግሩ ከሆነ፥ መልሱ ተገኘ ማለት ነው።

ስለ መንገድ

በደብረ ማርቆስ ከተማ የብዙ ሰው መጓጓዣ ባጃጅ ነው። ስለዚህ «ቤቱ ከዋናው መንገድ ምን ያህል ይርቃል?» ከሚለው ይልቅ፥ «ባጃጅ እስከ በሩ ይገባል ወይ? በሐምሌስ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በጥር ደርቆ እስከ በሩ የሚያስገባ የአፈር መንገድ፥ በሐምሌ ጭቃ ይሆንና ባጃጁ ከኮብልስቶኑ ጫፍ ላይ አውርዶ ይመለሳል። ከዚያ እስከ ቤት ያለው መንገድ፥ ሕፃን ለታቀፈችና ጤፍ ለተሸከመ ሰው በእግር የሚለካ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሰዓት ነው። እኅታችን አንዳንድ ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሥራ ትገባለች፥ አንዳንድ ቀንም በዚያው ሰዓት ትወጣለች። የባጃጅ የምሽት ሥራ የከተማው አስተዳደር በየጊዜው በሚያወጣው ሥርዓትና በአገሩ ጸጥታ መሠረት የሚለዋወጥ ስለ ሆነ፥ «ባለፈው ሳምንት የመጨረሻው ባጃጅ በስንት ሰዓት ይገኝ ነበር? ከዚያ በኋላ ኮንትራት የሚሄድ አለ ወይ?» ብላ ጠየቀች። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በዚያ ሠፈር እንደማይገኝ ተነገራት። ይህ ለቀን ሠራተኛ ትንሽ ነገር ነው፤ ለእርሷ ግን ቤቱን ለመውሰድ ወይም ለመተው የሚያበቃ ነበር። ስለዚህም ከሆስፒታሉ እስከ ቤቱ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፥ መንገዱም የበራ መሆኑን ጨምራ ጠየቀች። 15 ደቂቃ መሆኑን፥ የሚበዛውም በዋናው አስፋልት ላይ መሆኑን በሰማች ጊዜ ልቧ ተመለሰ።

ከኪራዩ ጋር የመንገዱን ዋጋ መደመርም የብልህ ሥራ ነው። ለምሳሌ ያህል፥ ከከተማው ዳር ያለ ቤት በወር 500 ብር ቢረክስ፥ ነገር ግን ለባጃጅ በቀን 30 ብር ቢያስጨምር፥ በ26 የሥራ ቀን 780 ብር ይወጣል። እንግዲህ ርካሹ ቤት በ280 ብር ውድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ስለ ጩኸት

ጩኸትን በስልክ መጠየቅ ከሁሉ ይከብዳል፤ ለምዶት የሚኖር ሰው አይሰማውምና። ባለቤቲቱን «ሠፈሩ ጸጥ ያለ ነው ወይ?» ብንላቸው «እንዴታ!» ይሉናል፤ አይዋሹምም። ስለዚህ ስለ ጩኸቱ ሳይሆን ስለ ጎረቤቱ መጠየቅ ነው። በቅርብ የእህል ወፍጮ አለ ወይ? የብረት በር የሚሠራ ብየዳ ቤትስ? ግሮሰሪ ወይም ጠላ ቤትስ? መናኸሪያው ምን ያህል ይርቃል? መናኸሪያ አጠገብ ያለ ቤት ሳይነጋ በመኪና ጥሩምባና በረዳቶች ጩኸት ይነቃል። የሌሊት ተረኛ ግን የምትተኛው ቀን ነውና፥ ለእርሷ ከመናኸሪያው ይልቅ ወፍጮውና ብየዳው ይከፉባታል። እንግዲህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የሚተኛበትን ሰዓት አስቦ ይጠይቅ።

ከተማይቱ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ የአሁኑን ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በሚያዝያ 30 በዓሉ ሲከበር፥ በየወሩም በየደብሩ ማኅሌት ሲቆም፥ ድምፅ ማጉያው ከሌሊት ጀምሮ ይሰማል። ይህን እንደ ጩኸት ቆጥሮ ማማረር አይገባም፤ ብዙ ሰውም ቤቱን የሚፈልገው ለደጀ ሰላሙ ቀረቤታ ነው። ሆኖም እንቅልፉ የሳሳ ሕመምተኛ ወይም አራስ ያለበት ቤተ ሰብ አስቀድሞ አውቆ ቢመርጥ ኋላ ከጎረቤት ጋር አይጣላም።

በደጋ አገር ግን ትልቁ ጩኸት ከሰማይ ይመጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ክረምቷም ዝናቡ ብርቱ ነው፤ በረዶም ይጥላል። የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ሆኖ ከሥሩ ኮርኒስ የሌለው እንደሆነ፥ ዝናቡ ሲወርድ በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አይደማመጡም፤ ሕፃንም አይተኛም፤ ብርዱም እንዳለ ይገባል። ስለዚህ «ኮርኒስ አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ስለ ጌጥ ሳይሆን ስለ እንቅልፍ ነው። በሁለት ተከራዮች መካከል ያለው ግድግዳ እስከ ክዳኑ ድረስ የደረሰ መሆኑም ይጠየቅ፤ ግድግዳው መንገድ ላይ ከቀረ፥ የአንዱ ቤት ምሥጢር የሌላው ቤት ጨዋታ ይሆናልና።

መልሱን መመዘን

እኅታችን ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ ቤቱ እንከን የሌለው አልነበረም። ውኃው በሌሊት ይመጣል፤ በሚያዝያም ይጠፋል፤ ባጃጁም በምሽት አይገኝም። ነገር ግን ባለቤቲቱ ቀኑንና ሰዓቱን ቆጥረው የሚናገሩ፥ ክፉውንም የማይደብቁ ሴት መሆናቸውን አወቀች። «ውኃም መብራትም አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም» ከሚል ሰው ይልቅ «ሰኞ መጥቶ ሐሙስ መጣ» የሚል ሰው ቤት ይታመናል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፤ ከሮቶው አንድ ቅጥያ ቧንቧ ለተከራዮቹ እንዲወጣ፥ ወጪውንም ከመጀመሪያው ኪራይ እንዲታሰብላት። «ነይና እዪው፥ ልጄ፤ እንነጋገራለን» አሏት።

ለማየትም የሄደችበትን ጊዜ መርጣ ነው። ረቡዕ ማታ ደረሰች። ከምሽቱ 1 ሰዓት ምጣዱ ተሰክቶ ሲግል አየች፤ ሌሊት በ8 ሰዓት ተነሥታ በግቢው ቧንቧ ጀሪካን አስቀምጣ በእጅ ሰዓቷ ለካች፤ አምስት ደቂቃ ፈጀ። 45 ጀሪካን በ225 ደቂቃ ይሞላል፤ ከአራቱ ሰዓት 15 ደቂቃ ይተርፋል ማለት ነው። ጧትም ወደ ሆስፒታሉ በእግሯ ሄደች። በቀትር ብትመጣ ኖሮ የምታየው ደረቅ ቧንቧና የተቀባ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ስለ ውሉ ጥቂት ቃል እንጨምር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320፥ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፥ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲጸና፥ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በክልል ከተሞች የሚሠራበት ክልሉ በሚወስነው መሠረት ነው። ለሁለት ዓመት የሚገባ ሰው ሁለት ሚያዝያና ሁለት ሐምሌ ያያል ማለት ነው። ስለ ሮቶው፥ ስለ ቆጣሪው ካርድና ስለ ምጣዱ ቀን በስልክ የተባለውም በውሉ ላይ ቢጻፍ፥ ኋላ «ብያለሁ፥ አላልሁም» አያስብልም።

እኅታችን አሁን በዚያ ቤት ትኖራለች። ሮቶው ቅጥያ ወጥቶለታል፤ ምጣዷንም ማክሰኞ ማክሰኞ ትጥዳለች።